የልጅ ፊት በካርቱን፣ ካርዱ በልኩ

በልደት ጥሪ ካርዶች ላይ የፊልም ልዕልቶችና ጀግኖች ለዓመታት ሲፈራረቁ ኖረዋል። አሁን አሁን አንዳንድ ወላጆች ያንን ቦታ ለባለ ልደቱ ለራሱ እየሰጡት ነው፤ የልጃቸውን ፎቶ ወደ ካርቱን ለውጠው፣ ስሙንና ቀኑን ከሥሩ ጽፈው ያሳትማሉ። ጣጣው የሚመጣው ካርዱ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ነው። በኮምፒውተር ላይ ያማረው ፊት ጠቁሮ ይወጣል፣ የፀጉሩን ጫፍ መቁረጫው ይወስደዋል፣ ስልክ ቁጥሩን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል።

እነዚህ ችግሮች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። ሥራው በሥዕሉ ተጀምሮ በወረቀቱ ስለሚያልቅ ነው። ካርድ ማዘጋጀት የለመዱ ሰዎች በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ አስቀድመው የወረቀቱን ልክ ይወስናሉ፣ በዚያ ልክ ውስጥ ለሥዕሉና ለጽሑፉ ቦታ ያካፍላሉ፣ ፊቱን የሚስሉት ምን ያህል ሆኖ እንደሚታተም ካወቁ በኋላ ነው። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል አንድ ካርድ ከባዶ እንሥራ። ባለ ልደቷ አምስት ዓመት የሚሞላት ልጅ ናት፤ ለምሳሌ ያህል ሶልያና እንበላት። የሚያስፈልገው ካርድ 40 ነው።

ከሁሉ በፊት ልኩ

ብዙ ሰው ለእንዲህ ያለ ካርድ የሚመርጠው ኤ6 የሚባለውን ልክ ነው። 105 በ148 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የተለመደው ኤ4 ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ የሚወጣው መጠን ነው። በእጅ ለመያዝ ይመቻል፣ በልጅ ቦርሳ ውስጥም ሳይታጠፍ ይገባል።

ሆኖም ካርዱ አንድ በአንድ አይታተምም። ማተሚያ ቤቱ በትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ካርዶችን ደርድሮ ያትምና በመቁረጫ ማሽን ይለያያቸዋል። ወረቀቱ ኤ3 ከሆነ 297 በ420 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስምንት ኤ6 ልክ ይገጥምበታል። በሒሳብ ይህ ትክክል ቢሆንም በተግባር አይሠራም። የካርዱ ቀለም እስከ ጠርዙ የሚደርስ ከሆነ ከመቁረጫው መስመር አልፎ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ መታተም አለበት። ባለሙያዎቹ ብሊድ ይሉታል። መቁረጫው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ እንኳ በካርዱ ጠርዝ ላይ ነጭ ክር እንዳይታይ የሚከላከለው ይህ ትርፍ ነው። ብሊድ ሲጨመርበት ኤ6 ካርድ 111 በ154 ይሆናል። ሁለት ጊዜ 154 ደግሞ 308 ነው፤ ከኤ3 ወረቀት ጎን ይበልጣል። ስለዚህ ስምንት ይገባል የተባለው ወረቀት አራት ብቻ ይይዛል፤ ለ40 ካርድ አምስት ወረቀት መብቃቱ ቀርቶ አሥር ያስፈልጋል።

መፍትሔው ካርዱን በአንድ ሴንቲ ሜትር ማሳነስ ነው። 95 በ138 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ከነብሊዱ 101 በ144 ይመጣል። ሁለቱ በወርድ 288፣ አራቱ በርዝመት 404 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። በኤ3ው ላይ ስምንት ካርድ ተደርድሮ በዙሪያው ማሽኑ ሊያትምበት የማይችለው ጠርዝም ይተርፋል። በእጅ ሲያዝ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ለኤ6 በሚሠራው 114 በ162 ሚሊ ሜትር ፖስታም ያለ ችግር ይገባል።

አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች 320 በ450 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፋ ያለ ወረቀት ይጠቀማሉ፤ በእሱ ላይ ኤ6ም ስምንት ጊዜ ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ላሉ ደግሞ የተለመደው የጥሪ ካርድ 5 በ7 ኢንች ነው፤ ፖስታውም በዚያው ልክ ይሸጣል። የትም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ለማተሚያ ቤቱ የሚቀርብ ነው፤ የምታትሙበት ወረቀት ስንት በስንት ነው? መልሱ ሳይታወቅ ሥዕል መጀመር የለበትም።

ቦታውን ማካፈል

አሁን 95 በ138 የሆነ ባዶ ካርድ አለን። ከመቁረጫው መስመር ወደ ውስጥ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር እንተዋለን። በዚህ ክልል የጀርባው ቀለም ብቻ ያልፋል፤ ፊት፣ ፀጉር፣ ፊደል አይገባበትም። የቀረን 85 በ128 ነው። ከላይ 72 ሚሊ ሜትሩን ለሥዕሉ፣ ከታች 56ቱን ለጽሑፉ እንስጥ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ልጅቷ ሙሉ ቁመናዋ ይታይ ወይስ ከደረቷ በላይ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ቁመት የራሷ ጭንቅላት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ በ72 ሚሊ ሜትር ቦታ ውስጥ ሙሉ ቁመናዋ እንደ ተፈጥሮዋ ቢሳል ጭንቅላቷ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚያ መጠን ዓይን ነጠብጣብ ነው፤ ማን እንደሆነች የሚለይ ሰው አይኖርም። የካርቱን ሠዓሊዎች ጭንቅላቱን አግንነው የቁመቱ ሲሶ የሚያደርጉት አንድም ለዚህ ነው፤ ያኔ 24 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከደረት በላይ ብቻ ከተሳለች ግን ጭንቅላቷ 45 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። የልጅቷ መልክ እንዲለይ ከተፈለገ ይህ ይሻላል፤ ለፊኛዎቹም በግራና በቀኝ ቦታ ይተርፋል። የደረቷ መጨረሻ በአየር ላይ የተቆረጠ እንዳይመስል ጽሑፉ ከሚያርፍበት ባለ ቀለም ሜዳ ጀርባ እንዲገባ ይደረጋል።

በታችኛው ክፍል የሚጻፈው ጥቂት ነው፤

ሶልያና
5 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አብራችሁኝ እንድታከብሩ ጠርቻችኋለሁ።
ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት
ቦታ፦ ……… ስልክ፦ ………

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት ስለሌለው አንድን ቃል ጎላ የምናደርገው በመጠኑና በውፍረቱ ብቻ ነው። ስሟ 34 ፖይንት፣ ቀኑና ሰዓቱ 14 ፖይንት ወፍራም፣ ሌላው 11 ፖይንት ቢሆን ዓይን በቅደም ተከተል ይወርዳል። ከ10 ፖይንት በታች መውረድ አይመከርም። በ እና ቡ፣ ሰ እና ሱ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠፋው እሷ ናት። ነጭ ጽሑፍ በጠቆረ ሜዳ ላይ ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ ቀለሙ ከዳርና ከዳር ትንሽ ስለሚሰፋ ቀጫጭኑን መስመር ይውጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ቦታ ወፍራም ፊደል ይመረጣል። ጌጠኛ የፊደል ዓይነት ለስሟ ይሁን፤ ለቀሪው እንደ `Noto Sans Ethiopic` ያለ ግልጽ ፊደል ይበቃል።

የማብቂያውን ሰዓት መጻፍ ለወላጆች ትልቅ እርዳታ ነው፤ ልጃቸውን መቼ መውሰድ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ቀኑን ከነዕለቱ መጻፍም ስሕተትን ያጋልጣል፤ ጥር 16 እና ቅዳሜ ካልተገጣጠሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ካርዱ ውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶችም የሚላክ ከሆነ ጃንዋሪ 24 ቀን 2026 የሚለው ከሥሩ ይጨመር። ለልደቱ የሚሰበሰቡት እዚያው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መገለጽ አለበት፤ አለዚያ የእኛን 8 ሰዓት የፈረንጅ 8 ሰዓት ብሎ ዘግይቶ የሚመጣ አይጠፋም።

የሚሳለው ፎቶ

ካርቱን የፎቶን ጉድለት አይሸፍንም፤ ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር ሥዕሉም ላይ አይኖርም። ልጅቷ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ሰያፍ እንዲያርፍባት ሆና ትቀመጥ። ፍላሽ ጥላውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፊቱ ሰሌዳ ይመስላል፤ አይበራ። ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ስልኩን በዓይኗ ከፍታ ይያዝ። ቆሞ ከላይ ካነሳት ግንባሯ ይገንናል፣ አገጯ ይጠፋል። በጣም መቅረብም ጥሩ አይደለም፤ የስልክ ካሜራ ከቅርብ ሲያነሳ አፍንጫን ያሳብጣል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ አንስቶ በኋላ መከርከም ይሻላል።

ፎቶው ለሚሠራው ሰው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ሲላክ በፋይል መልክ ይላክ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ስለሚቀንስ የዓይን ሽፋሽፍትና የፀጉር ጠርዝ ይደበዝዛል።

ፊቱን መሳል

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማጣሪያ መጠቀም ነው። ለምሳሌ ጊምፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ `Filters > Artistic > Cartoon` የሚል አለ። ይህ ማጣሪያ ከአካባቢያቸው ጠቆር ያሉ ቦታዎችን ይበልጥ ያጠቁራል፤ በጥቁር እስክሪብቶ የተሳለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃኑ እኩል በሆነ ፎቶ ላይ ያምራል። ችግር የሚገጥመው ጥላ፣ ጥቅል ፀጉርና ጠይም ቆዳ ባለበት ነው፤ ማጣሪያው ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ በታች ያለውን ጥላ የጥቀርሻ ቅብ አስመስሎ ይተወዋል፣ ፀጉሩንም አንድ ጥቁር ክምር ያደርገዋል።

ሁለተኛው በፎቶው ላይ ተደግፎ በእጅ መሳል ነው። ጊዜ ቢወስድም ለኅትመት የሚሻለው ይህ ነው። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። በ`File > Import` ፎቶው ይገባል፤ ግልጽነቱ ወደ 50 በመቶ ይወርድና እንዳይንቀሳቀስ ይቆለፋል። ሥዕሉ ከላዩ በሌላ ሌየር ላይ ይሠራል። እንዲህ የተሳለ መስመር በሒሳብ የሚቀመጥ ስለሆነ ቢያንስም ቢያድግም አይደበዝዝም።

መጀመሪያ የሚሳለው ዓይን አይደለም፤ የጭንቅላቱና የፀጉሩ ጠቅላላ ቅርጽ ነው። ልጅን ከሩቅ የምናውቀው በዚህ ነው። ቁንጮ ያለው ልጅ በቁንጮው፣ ሹሩባ የተሠራች ልጅ በሹሩባዋ አቅጣጫ ይለያሉ። ጥቅል ፀጉር አንድ በአንድ አይሳልም፤ ጠርዙ ብቻ ሞገድ ሞገድ ይደረግና ውስጡ በአንድ ቀለም ይሞላል። ሹሩባ ከሆነ በፀጉሩ ቀለም ላይ የተገመሰበት መስመር በራስ ቆዳው ቀለም ይሰመራል።

ከዚያ ዓይኖቹ ይመጣሉ። በልጅ ፊት ላይ ዓይን የሚቀመጠው በጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ወደ ላይ ከፍ ካለ ልጅቷ ትልቅ ሴት ትመስላለች። ካርቱን እንዲሆን ዓይኖቹን በአንድ አምስተኛ ያህል ማተለቅ ይቻላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይነካ፤ መልክ የሚያዘው በዚያ ነው። ቅንድብ እንደ ፎቶው ይከተላል። አፍንጫ ከሥሩ አንዲት አጭር ቅስት ትበቃዋለች።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አፍ አካባቢ ነው። ሕፃን ስትስቅ ከአፍንጫዋ ጎን እስከ ከንፈሯ ጫፍ የሚወርድ እጥፋት ፎቶው ላይ ይታያል። ያንን በመስመር የሳለው ሰው ልጅቷን በአንድ ጊዜ አርጅታ ያገኛታል፤ ስለዚህ ይተዋል፤ ካስፈለገም በለሰለሰ ጥላ ብቻ ይጠቆማል። ጥርሶችም አንድ በአንድ አይለያዩም፤ አንድ ነጭ ቅርጽ ይሆናሉ። የወለቀች ጥርስ ካለች ግን ክፍተቷ ትሳል፤ የዚያ ዓመት ልዩ ምልክት ናት። ዲምፕል ያላት ልጅ እንደሆነችም እሱ አይቀር።

የመስመር ውፍረት የሚለካው በሚታተምበት መጠን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊቱ ግዙፍ ሆኖ ሲታይ የሚያምር ቀጭን መስመር 45 ሚሊ ሜትር ላይ ሲወርድ ይጠፋል። ለዚህ ካርድ የውጭው ቅርጽ መስመር አንድ ፖይንት ተኩል፣ የውስጡ አንድ ፖይንት ቢሆን ይበቃል። ሥዕሉ ሲያልቅ ፎቶው ይደበቅና ፊቱ በእውነተኛ መጠኑ ይታይ። ሥራውን ያላየ የቤት ሰው ይጠራና ይጠየቅ። «ይህቺ ማን ናት?» ካለ ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ በፀጉሩ ጠርዝ ወይም በዓይኖቹ ርቀት ላይ ነው፤ ከንፈሩን ደጋግሞ ማስተካከል አይረዳም።

የቆዳዋ ቀለም

ጠይም ፊት ለማቅለም ሦስት ቀለም ይበቃል፤ መካከለኛው፣ ብርሃን የነካው እና ጥላው። መካከለኛው ከፎቶው፣ ከጉንጭ ላይ ይቀዳል፤ ከግንባር አይወሰድም፤ ግንባር ያንጸባርቃል። ጥላውን ለመሥራት ጥቁር ከተጨመረበት ቆዳው አመድማ ይሆናል። መካከለኛውን ቀለም ወደ ቀይ አዘንብሎ ማጥቆር ነው የሚሻለው፤ ፊቱ ሙቀቱን አይለቅም።

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ወረቀት ግን አያመነጭም። ስለዚህ ቡናማ ቀለም ሁሉ ሲታተም ከታየው ይጠቁራል። ፊቱ በስክሪኑ ላይ ከሚገባው በጥቂቱ ፈካ ብሎ ቢሠራ በወረቀቱ ላይ ልኩን ይይዛል። ደማቅ ሮዝ፣ ሰማያዊና አረንጓዴም ማተሚያው በሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች ሲዋሐዱ ድምቀታቸው ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ላይ የሚያበራው ሮዝ ፊኛ በወረቀት ላይ እንደዚያው ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የጀርባው ቀለም ደግሞ ከቆዳዋና ከፀጉሯ የራቀ ይሁን። ጠይም ልጅ በቡናማ ወይም በጥቁር ሰማያዊ ጀርባ ላይ ትዋጣለች፤ በቀላል ቢጫ ወይም በውኃ ሰማያዊ ላይ ግን የፀጉሯ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ወደ ማተሚያ ቤት

የሚላከው ፋይል ፒዲኤፍ ሲሆን፣ ገጹ ከነብሊዱ 101 በ144 ሚሊ ሜትር ነው። ለማተሚያ ቤቱ «በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለው፤ 95 በ138 ሆኖ ይቆረጥ» የሚል ማስታወሻ አብሮ ይሂድ። ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ሁሉ በ`Path > Object to Path` ወደ ቅርጽ ይለወጥ፤ ያ ፊደል በሌላው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ስሟ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ከተደረገ በኋላ ጽሑፉን ማረም ስለማይቻል አንድ ያልተለወጠ ቅጂ ይቀመጥ። ሥዕሉ የተሠራው በማጣሪያ ከሆነና ካርዱ በምስል መልክ የሚላክ ከሆነ ደግሞ በኢንች 300 ነጥብ እንዲኖረው 1193 በ1701 ፒክስል መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰውን በኮምፒውተር ማሳደግ ብዥታውን አብሮ ከማሳደግ በቀር ጥቅም የለውም።

ወረቀቱ ከ250 እስከ 300 ግራም የሆነ ጠንካራ ቢሆን አይልመጠመጥም። ከጀርባው «ለ፦ ………» ተብሎ የተጋባዡ ልጅ ስም በእጅ የሚጻፍ ከሆነ ጀርባው የሚያንጸባርቅ ወይም ላሚኔሽን የተደረገበት አይሁን፤ እስክሪብቶ አይዝለትም።

ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ካርዱ በቤት ወይም በቢሮ ማተሚያ በተራ ኤ4 ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ይታተም። የማተሚያው መስኮት ሲከፈት `Actual size` የሚለው ይመረጥ፤ `Fit` የሚለው ከተመረጠ ካርዱ ወረቀቱን ሞልቶ ስለሚወጣ ፊደሉ ሁሉ ትልቅ መስሎ ያታልላል። በማስመሪያ ሲለካ 101 በ144 ከሆነ ፍርዱ እውነተኛ ነው። ካርዱ በመስመሩ ላይ ተቆርጦ በክንድ ርቀት ይያዝ፤ ከዚያ ላይ ቀኑን ማንበብ ካልተቻለ ፊደሉ ይተልቅ።

ማተሚያ ቤት ሲደረስም ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና በእውነተኛው ወረቀት ላይ ይጠየቅ። የፊቱ ቀለም የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ከጠቆረ መካከለኛውን ቀለም ብቻ ፈካ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው። አምስት ወረቀት ልክ 40 ካርድ ይሰጣል፤ በቆረጣ የሚበላሽ ስለማይጠፋ ስድስት ወረቀት አስቦ 48 ማሳተም ይሻላል። ናሙናው እጅ ላይ እያለም ስልክ ቁጥሩን ከካርዱ ላይ እያነበባችሁ ደውሉ፤ የራሳችሁ ስልክ ከጮኸ ይታተም።